«ይርጋ» የተባለው ማን ነው?

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የስም መጥሪያ ወረቀት ማንበብ አይሰለቸኝም ነበር። ባልደረቦቼ «አቤት» እስኪባሉ ድረስ ቸኩለው የሚያልፉትን ዝርዝር እኔ እንደ ድርሰት አነበው ነበር። ተሾመ። ማን ሾመው? ጥላሁን። ለማን ነው ጥላ የሚሆነው? ሺፈራው። ሺው ሰው ምን ስላደረገ ነው ይህን ልጅ የሚፈራው? ምትኩ። የማን ምትክ ነው? ከሱ በፊት የሞተው ማን ነበር?

ልብ ብላችሁ ካያችሁት አብዛኛው የአማርኛ ስም ስም አይደለም፤ ዓረፍተ ነገር ነው። ግስ አለው። ግሱም ጊዜና ባለቤት አለው። «ታደሰ» ያለፈ ነገር ይነግረናል። «ይልማ» ይመኛል። «ጌታሁን» ሕፃኑን ራሱን ፊት ለፊት ያዝዛል። «በዛብሽ» ደግሞ ለአንዲት ሴት የተነገረ ነው፤ በዛብሽ የተባለችው ሕፃኗ ትሁን ወይስ ያረገዘችው እናቷ ከስሙ ብቻ አይታወቅም። «እጅጋየሁ» ሲባል ተናጋሪው ራሱ ብቅ ይላል፤ እጅግ አየሁ፣ ብዙ አየሁ ይላል። አየሁ የሚለው ሰው ግን የአንድ ቀን ሕፃን ሊሆን አይችልም። እናት ናት፣ ወይ አባት ነው፣ ወይ አያት። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሆና ትጠራለች ማለት ነው።

ስለዚህ ስማችን ዓረፍተ ነገር ቢሆንም ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ተናገረው? ለማን ተናገረው? ምን አይቶ ነው? ይህ ሁሉ ስሙ ውስጥ የለም። ይህን የሚሞላው ስሙ በወጣበት ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጠላው በተቀዳበት ሰዓት አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የሚናገረው ንግግር ነው። ያ ንግግር ከጠፋ ግማሹ ስም ጠፋ።

መቼም በእኛ አገር አንድ ክርስቲያን ሁለት ስም እንዳለው ለአንባቢ አልነግርም። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲጠመቁ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣል። ይኼኛው ስም ትርጉሙ አያከራክርም። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ሣህለ፣ ወለተ፣ አጸደ እያለ ሕፃኑን ለሥላሴ ወይም ለማርያም ወይም ለአንድ ቅዱስ ይሰጠዋል። አገልጋይነቱን ይመሰክርለታል እንጂ ስለ ቤተሰቡ ምንም አያወራም። ይህ ስም በጸሎት ይነሣል፤ በሞት ቀን በፍትሐቱ ይጠራል፤ በመካከሉ ባለው ዕድሜ ግን እንደ ልብ አይነገርም። የክርስትና ስሙንና የእናቱን ስም ያወቀ ኮከቡን ይቆጥርበታል፣ መተት ይሠራበታል ተብሎ ይሰጋላ! አብሮ አደጉ እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

በድግሱ ላይ የሚተረጎመው እንግዲህ ሌላው ስም ነው፤ የቤቱ ስም፣ በየደጁ የሚጠራው። ካህኑ የመንፈሱን ነገር ጨርሷል። የቀረው የምድሩ ነገር ነው። የአንድ ቤተሰብ ሐዘን፣ ቂም፣ ምኞት፣ አንዳንዴም እፍረት የሚገባው በዚህኛው ስም ነው። ለዚህ ነው ካህኑ ስም አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ሽማግሌ መነሣት የሚያስፈልገው።

አንድ ንግግር ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የቀድሞ ተማሪዬ የበኩር ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ጠርታኝ ደብረ ሲና ሄጄ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ብርዱና ጉሙ ጣርማ በር ላይ ከመኪናው ጋር ይፋለማል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይደረመሳል፤ ደብረ ሲና ከገደሉ ጥግ ተለጥፋ ትገኛለች። የወሎ ተሳፋሪ ቆሎዋን ገዝቶ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ጦርነት ግን ገዝቶ አያልፍም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሰሜን የመጣው ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። እኔ ስሄድ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ሰዉ መተንፈስ ጀምሯል።

የሕፃኑ አባት ታናሽ ወንድሙን ያጣው በዚያ ኅዳር ነው። ተማሪዬ በኋላ እንደ ነገረችኝ ልጁ ሲወለድ አባትየው ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ ደምመላሽ። ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በየአገሩ ደምመላሽ አለ፤ ተበቃይ ለመባል ሳይሆን በክብር የሚጠራበት ብዙ ደግ ሰው አለ። ሰው በተገደለበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው ስም ሆኖ የሚመጣውም እሱ ነው። ተማሪዬ አልወደደችውም፤ ግን የሞተው የሷ ወንድም አይደለምና ዝም አለች። ነገሩ ወደ አያትየው ሄደ።

አያትየው ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለተኛ ዙር ከተቀዳ በኋላ ብርጭቆአቸውን ይዘው ተነሡ። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እንዲህ አሉ፤

«እንግዲህ ዘመዶቼ፣ ቄሱ የሳቸውን ስም አውጥተዋል። የኔን ደግሞ ስሙኝ። ስሙን ይርጋ ብዬዋለሁ። ይርጋ ማለት ልጁ እርግት ያለ፣ ጨዋ ይሁን ማለት የሚመስለው ይኖራል። እሱም ቢሆን ደግ ነው። እኔ ግን ልጁን አይደለም ያልኩት። የአርባ ቀን ልጅ ምኑ ይረጋል! ይርጋ ያልኩት አገሩን ነው። አባቱ ሌላ ስም ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አልፈርድበትም፤ ወንድሙ ነው። ነገር ግን የሞተው የኔ ልጅ ነው። ባለ ደሙ እኔ ነኝ። ባለ ደሙ እኔ ደግሞ ደሜን ለዚህ ሕፃን አላወርስም ብያለሁ። ወተት ሳይረጋ ቢንጡት ቅቤ የለውም፤ ድካም ብቻ ነው። እኛ ሳንረጋ ስንናጥ ኖርን። ይህን ልጅ በጠራችሁት ቁጥር እሱን አትጥሩት፤ አገሩን ጥሩት። ይርጋ በሉ።»

ሰዉ «አሜን» አለ። ወዲያው ደግሞ አንድ ሁለት ሰዎች ከጥግ «ይርጋ!» አሉ፤ ሕፃኑን የጠሩ አስመስለው። አባትየው ተነሥቶ የአባቱን ብርጭቆ ሞላና ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም።

እኔ መቼም የሙያ ነገር ሆኖብኝ ያ ንግግር ምን ምን እንዳደረገ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነበር። መጀመሪያ የግሱን ባለቤት ለወጠው። «ይርጋ» ሰዋስዉ «እሱ ይርጋ» ነው፤ እሱ የተባለው ማን እንደ ሆነ ግን ግሱ አይናገርም። ሽማግሌው ከሕፃኑ ላይ አንሥተው አገሩ ላይ አኖሩት። በዚህም ሕፃኑን ከሸክም አወጡት፤ ትእዛዙ ለሱ ስላልሆነ ባይረጋ፣ ረባሽ ቢወጣው እንኳ ስሙን አላጎደለም። ሁለተኛ የተናጋሪውን መብት አስታወቁ። በእኛ ባህል ደም ባለቤት አለው፤ ልጅ የሞተበት አባት ከወንድም ይቀድማል። እሳቸው «አላወርስም» ካሉ በኋላ በዚያ ቤት ደም የመመለስ ወግ አጥፊ የሚባል ሰው አይኖርም። ሦስተኛ የተሻረውን ስም አልጠሩትም። «ሌላ ስም» ብለው አለፉት። ስም አንዴ በሰው ፊት ከተጠራ አይጠፋማ! ሕፃኑ አድጎ «አንተ እኮ ደምመላሽ ልትባል ነበር» የሚለው ሰው እንዳይኖር ነው።

ወተቷንም ልብ በሉልኝ። ረጋ፣ እርጎ፣ እርጋታ አንድ ሥር ናቸው። ሽማግሌው መዝገበ ቃላት አላገላበጡም፤ በየጧቱ ከቤታቸው የሚያዩትን ነው የተናገሩት።

ይህ የአያት ሥልጣን፣ አንድን ስም በአንድ ንግግር ገልብጦ ሌላ ትርጉም የመስጠት ሥልጣን፣ በዚያው በሸዋ ምድር ከማንም በላይ የታወቀ ታሪክ አለው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ነው። እናቱ እጅጋየሁ ትባላለች፤ በቤተ መንግሥቱ ከሚያገለግሉት ሴቶች አንዷ ነበረች። የክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ሆነ። ይህ አላስቸገረም። ያስቸገረው የቤቱ ስም ነው።

ሲተረክ የኖረው እንዲህ ነው። አልጋ ወራሹ ከቤት አገልጋይ መውለዱ ሲሰማ መጀመሪያ የወጣው ስም «ምን ይልህ ሸዋ» ነበር ይባላል። ሸዋ ምን ይልህ ይሆን? አስተውሉ፤ ይህም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥያቄ ነው። የተነገረው ለሕፃኑ ይምሰል እንጂ የሚያፍርበት ግን አባትየው ነው። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የአባቱን እፍረት እየጠራ ሊኖር ነበር። ከዚያ አያትየው ሕልም አዩ ይባላል። ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ቆመው የሳቸው ጥላ አጥሮ የልጁ ረዝሞ ታያቸው። ሲነጋ «ምን ይልህ ሸዋ አትበሉት፤ ስሙ ምኒልክ ነው» አሉ። ሌላው አተራረክ ደግሞ ንጉሡ ይህን ስም ለራሳቸው ሊወስዱ ፈልገው ነበር፤ ስሙ የሳቸው ሳይሆን ከዘራቸው ለሚወጣው እንደ ሆነ ተነግሯቸው ለልጅ ልጃቸው ተዉለት ይላል።

የንግግሩ ጥበብ ድምፁ ውስጥ ነው። «ምን ይልህ» እና «ምኒልክ» በጆሮ ሲሰሙ ዘመዳሞች ናቸው። አያትየው የመጀመሪያውን ስም አልጣሉትም፤ አጠፉት፣ ጨረፍ አደረጉት፣ ከጥያቄነት ወደ ንግሥና አዞሩት። በክብረ ነገሥት የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ የሚጠራው «በይነ ልሕክም» ተብሎ ነው፤ የጠቢብ ልጅ ማለት ነው። የሕዝቡ አፍ ግን ምኒልክ ብሎ ለምዶታል። እንግዲህ የአገልጋይ ልጅ የተባለው ሕፃን በአንድ ጧት የጠቢብ ልጅ ሆነ።

ይህ ለሕፃኑ ብቻ የተደረገ ቸርነት አልነበረም። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባሉት ሰዎች ስም ብቻ ነበራቸው፤ ሥልጣኑ የየጁ መሳፍንት ነበር። ሸዋ በአንኮበርና በአንጎለላ ተቀምጦ ለብቻው ይተዳደራል፤ ሣህለ ሥላሴም የቀደሙት አባቶቻቸው በመርዕድ አዝማችነት ሲጠሩ እሳቸው ንጉሥ ተብለዋል። እንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጁን የመጀመሪያውን ሰሎሞናዊ ንጉሥ ስም ሲያወጣለት ምኞት ብቻ አይደለም የሚናገረው። የዙፋኑ ዘር እዚህ ነው ማለቱ ነው። ደብዳቤ ሳይጽፍ፣ ጦር ሳያዘምት፣ በክርስትና ድግስ ላይ የይገባኛል ክስ ከፈተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ እጁን ማውጣት አለበት። ይህ ሁሉ እውነት ነው? በአንኮበር ተቀምጠው ስለ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ብዙ የጻፉልን የውጭ ሰዎች ክራፕፍና ሃሪስ ሁለቱም ልጁ ከመወለዱ በፊት ከሸዋ ወጥተዋል። የስሙ ታሪክ ተጽፎ የመጣልን ልጁ አድጎ ዳግማዊ ምኒልክ ተብሎ ከነገሠ በኋላ፣ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በነበሩ ጸሐፊዎች ነው። በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የተቀባን ንጉሠ ነገሥት በ1836 ያየው ሕልም ምን ጊዜም ልክ ይሆናል። አንድ የስም ትርጉም ከውጤቱ ጋር እንደ ጓንት ሲገጥም መጠርጠር ይገባል፤ ከውጤቱ በኋላ የተሰፋ ሊሆን ይችላልና።

ይሁንና ሁለት ነገር ከጥርጣሬው ይተርፋል። አንደኛ፣ ስሙ ራሱ ከንግሥናው በፊት ነበር። ልጁ በምርኮ ሲሄድም፣ ተመልሶ በሸዋ ሲነግሥም ምኒልክ ነው፤ በነገሠ ጊዜ የተቀጠለለት «ዳግማዊ» የሚለው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ «ምን ይልህ ሸዋ» የሚለውን ክፍል ንጉሥን ለማስከበር የሚፈጥረው ሰው የለም። የቤተ መንግሥት ወሬ ክብር ይጨምራል እንጂ እፍረት አይጨምርም። ታሪኩ ውስጥ ለንጉሡ የማይመቸው ክፍል ነው ይበልጥ የሚታመነው። ሕልሙ ቀርቶ እፍረቱ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር ይገባናል፤ በዚያ ቤት ስለ ስሙ ክርክር ነበር፤ ክርክሩንም አያት ፈረደው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። አላበቃም። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሞቱ፤ የልጅ ልጃቸው ገና ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ኃይለ መለኮት በ1848 ሲሞቱ ሸዋ ላይ የዘመቱት አፄ ቴዎድሮስ የአሥራ አንድ ዓመቱን ምኒልክን ማርከው ወሰዱት። ስሞቹ ሲገጣጠሙ ተመልከቱ። ቴዎድሮስ ካሳ ተብለው ያደጉ ናቸው። ካሳም ከምትኩ የማይርቅ የቤት ስም ነው፤ ለደረሰ ጉዳት ክፍያ። በ1847 ሲነግሡ ግን ይነሣል ተብሎ በትንቢት የሚጠበቀውን ንጉሥ ስም ወሰዱ። አንደኛው ስሙን ራሱ መርጦ ያነሣ ንጉሥ፣ ሌላው ስሙን አያቱ ያሸከመው ልጅ። ሁለቱም ስሞች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ዙፋኑ የኔ ነው።

ቴዎድሮስ ልጁን አልገደሉትም። እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውንም ዳሩለት። ልጃቸው አልጣሽ ትባላለች። ይህን ስም ጮክ ብላችሁ በሉት። አንድ ሰው አንዲትን ሴት ልጅ «አልጣሽ» ይላታል፤ እንዳላጣሽ፣ ከእጄ አትጥፊ። ይህም ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተናገረው ሰው ምን አጥቶ እንደ ነበር የሚነግረን ንግግር አልደረሰንም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አመለጠ፤ አልጣሽን ትቷት ሄደ። ስሟን ዕለት ዕለት ሲጠራ የኖረ ሰው ነው።

ከዚያው ቤት ሌላ ስም ልጨምር። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ዓለም አየሁ፤ ደስታ አየሁ ማለት ነው። ይህን ያለው ወላጅ ነው፤ በልጁ መወለድ ዓለሙን ያየ ሰው። ንግግሩ ሲረሳ ግን የግሱ ባለቤት ልጁ ይሆናል። መቅደላ በ1860 ከወደቀ በኋላ ልጁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ ዊንድሶር ተቀበረ። የአባቱ ደስታ የነበረው ስም በልጁ ላይ የባሕር ማዶ ስደት ሆኖ ተነበበ። ዛሬ ስሙን ስንሰማ የምናስበው ያየውን ዓለም ነው፤ ያ መጀመሪያ የተባለው ዓለም የአባት ደስታ እንደ ነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከነዚህ ስሞች አንድ የምመዝንበት ነገር አገኘሁ። እውነተኛ የስም ንግግር ሳይፈጸም ሊቀር የሚችል ንግግር ነው። የምኒልክ ሕልም ተፈጽሟል፤ ስለዚህ እንጠረጥረዋለን። የአልጣሽ ምኞት አልተፈጸመም፤ ስለዚህ እናምነዋለን። ማንም ኋላ ተመልሶ ያላማረ ውጤት ላይ ያማረ ምኞት አይሰፋም። የደብረ ሲናው ይርጋም እንደዚያው ነው። ያ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ የዚያው የ2015 ክረምት ሳይወጣ፣ በአማራ ክልል እንደገና ጦርነት ተነሣ። አገሩ በስሙ ቢጠራም አልሰማም። ነገር ግን ሽማግሌው «ይረጋል» አላሉም፤ «ይርጋ» አሉ። ትንቢትና ምርቃት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ትንቢት ካልተፈጸመ ውሸት ይሆናል። ምርቃት ካልተፈጸመ ገና ምርቃት ነው፤ ዛሬም ልጁን የሚጠራ ሁሉ ይደግመዋል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። በከተማው የክርስትና ድግስ ላይ ንግግሩ እያጠረ መጥቷል። ኬኩ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ «ለጤናችን» ይባላል፣ ይበላል። ስሙን የመረጡት ወላጆች ናቸው፤ ትርጉሙን የሚጠይቃቸውም የለም፤ እነሱም «ደስ ስላለን ነው» ይላሉ። ደስ ማለት መጥፎ አይደለም። ግን ንግግር ያልተደረገለት ስም ባለቤቱን የሚመርጠው በዘፈቀደ ነው። ምትኩ የተባለ ልጅ ወንድሙ እንደ ሞተ ሳይነገረው ካደገ ራሱን የማን መተኪያ እንደ ሆነ የማያውቅ መለዋወጫ ዕቃ አድርጎ ይቆጥራል። ማስረሻ የተባለች ልጅ እናቷ ልትረሳው የፈለገችውን ካልነገረቻት የማታውቀውን ሐዘን ተሸክማ ትኖራለች። ንግግሩ ሲኖር ግን ሐዘኑ የተናጋሪው ይሆናል፤ ልጁ ነፃ ይወጣል።

ስለዚህ የስም ንግግር የሚያደርግ ሰው ከብዙ ምርቃት በፊት ሦስት ነገር ቢናገር ይበቃዋል፤ ይህን ስም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩት ለእገሌ ወይም ለእገሊት ነው፤ ያልኩትም ይህን አይቼ ነው። የሞተ ካለ የሞተውን ስም ይጥራ። የተሻረ ስም ካለ ግን አይጥራው፤ እንደ ደብረ ሲናው ሽማግሌ «ሌላ ስም» ብሎ ይለፈው። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጠላው አይቀዘቅዝም።

ድግሱ ላለፈባቸው ደግሞ ገና ጊዜ አለ። ስማችሁን ያወጣው ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት። «ማን ነው የተሾመው?» በሉት። «የማንን ምትክ ነኝ?» በሉት። የምኒልክን እናት ማንም ይህን የጠየቃት አይመስልም። ለልጇ ስም አንድ አያታዊ ሕልምና አንድ ክብረ ነገሥት ተጠቅሶለታል፤ የእርሷን ስም ግን ማንም አልተረጎመውም። እጅጋየሁ። ምን አይቶ ነው ያ ሰው እጅግ ያየሁት? ያ ንግግር አንድ ቀን በአንድ ቤት ተደርጎ ነበር፤ ጠላው ተጠጣ፣ ሰዉ ተበተነ፣ ስሟ ብቻውን ቀረ።